ውዳሴ ከንቱ ያልሆነ ምስጋና ለሥራ ባልደረባ እንዴት ይጻፋል?

“የተሰጣትን ኃላፊነት በአግባቡ የተወጣች ታታሪና ቅን ሠራተኛ ናት።” ይህ ዓረፍተ ነገር በብዙ መሥሪያ ቤቶች የምስጋና ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ችግሩ ሐሰት መሆኑ አይደለም፤ ስሙ ተቀይሮ ለማንኛውም ሠራተኛ ሊሰጥ መቻሉ ነው። ተቀባይዋም ይህን ስለምታውቅ ጸሐፊው ሥራዋን በእርግጥ ማየቱን ትጠራጠራለች።

መፍትሔው የቅጽል ብዛት አይደለም። ሴንተር ፎር ክሪኤቲቭ ሊደርሺፕ የተባለው የአሜሪካ የአመራር ማሠልጠኛ ተቋም ለሥራ ቦታ አስተያየት ያዘጋጀው ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሁኔታው ምን ነበር? ሰውየው ምን አደረገ? ምን ውጤት አስከተለ?

ለምሳሌ በጂቡቲ ወደብ በኩል ዕቃ በሚያስገባ ድርጅት ውስጥ የምትሠራን የሰነድ ባለሙያ እናስብ። ባልደረባዋ “ጎበዝ ነሽ፣ ያላንቺ ምን እንሆን ነበር!” ብሎ ከመጻፍ ይልቅ እንዲህ ሊል ይችላል፦

“ማክሰኞ የሦስቱን ኮንቴይነሮች ሰነዶች ስታመሳክሪ የአንደኛው ቁጥር ከዕቃ ዝርዝሩ ጋር እንደማይገጥም አየሽ። በዚያው ቀን ለላኪው ደውለሽ አስተካከልሽው። ስህተቱ ወደብ ላይ ቢታወቅ ኖሮ ዕቃው ተይዞ ኪራይ ይቆጠርብን ነበር። ቁጥሮቹን የምታመሳክሪበትን ሠንጠረዥ ብታሳዪኝ እኔም ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። አመሰግናለሁ።”

በመልእክቱ ውስጥ “ጎበዝ” የሚል ቃል የለም፤ ጉብዝናዋን የሚናገረው ድርጊቷ ነው። አሠራሯን ለመማር መፈለጉ ደግሞ ምስጋናው ከልብ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ዝርዝር መጻፍ ብቻውን አይበቃም። “ድርጅቱን ከኪሳራ አዳንሽ” የሚል ማጋነን እውነተኛውን ክፍል ሳይቀር ያስጠረጥራል። “እንደ ሌሎቹ ቸልተኛ አይደለሽም” ማለት አንዷን አመስግኖ ሌሎችን መንቀፍ ነው፤ መልእክቱ ለሁሉም ሲላክ ተመስጋኟን ያሳፍራል። በመጨረሻው መስመር ላይ “እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስቸግርሽ” የሚል ልመና ከተጨመረ ደግሞ ምስጋናው የጉዳይ ማስፈጸሚያ ይመስላል። ልመናው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ለአለቃ የሚጻፍ ምስጋና የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። “እርስዎ ታላቅ መሪ ነዎት” የሚለው ሽንገላ ሊመስል ይችላል። “ሪፖርቱን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ የጻፉልኝ ማስታወሻ ሁለተኛውን ክፍል እንዳስተካክል ረድቶኛል” የሚለው ግን አክብሮቱን ሳይቀንስ የሆነውን ይናገራል።

ብዙዎች ቃላት እንዳያጥሯቸው ወይም ተቀባዩ እንዳያፍር በመስጋት ሳይጽፉ ይቀራሉ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ ጸሐፊዎች የተቀባዮቻቸውን ደስታ ከእውነታው አሳንሰው፣ ኀፍረታቸውን ደግሞ አጋንነው ይገምቱ እንደነበር አሳይተዋል።

ከመላኩ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ የተቀባዩን ስም አንሥቶ የሌላ ባልደረባ ስም መተካት። መልእክቱ አሁንም ትርጉም ከሰጠ ገና አልተጠናቀቀም።