ቃሉ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ

ፊደል ከቆጠርን በኋላ ደብዳቤያችንን ራሳችን እናነባለን። ነገር ግን ቃሉን ሁሉ አንብበን ነገሩ ሳይገባን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ፈሊጥ ነው። በፈሊጥ ጊዜ ቃሉ የሚለው ሌላ፣ ተናጋሪው የሚፈልገው ሌላ ነው።

ከኮልፌ ቀራንዮ እንዲህ የሚል ደብዳቤ መጣ እንበል፦

«ለውድ አባቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እንጀራ ፍለጋ ኮልፌ ከገባሁ አራት ወሬ ነው። አጠና ተራ እንጨት እሸከማለሁ። ከጓደኛዬ ጋር በመካከላችን ነፋስ ገብቷል። አብረን ያጠራቀምነውን 80 ብር በላው። እንዲያስታርቀን የላክሁት ሰው የቁራ መልእክተኛ ሆነ። ቢሆንም ጎመን በጤና ብዬ እሠራለሁ።»

አባትየው ቃል በቃል ቢወስዱት ልጄ ተርቧል ብለው ስንቅ ይልካሉ። ልጁ ግን ራበኝ አላለም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«እንጀራ» እዚህ ላይ መተዳደሪያ ሥራ ማለት ነው። እንጀራ ፍለጋ ሄደ ማለት ሥራ ፍለጋ ሄደ ማለት ነው።

«ነፋስ ገባ» ሲባል ነፋሱ የገባበትን ቦታ እንመልከት። በበሩ ከገባ እውነተኛ ነፋስ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ከገባ ግን ቅያሜ ነው።

«የቁራ መልእክተኛ» ተልኮ የቀረ ሰው ነው። በኖኅ ታሪክ ከመርከብ የተላከው ቁራ ወሬ ይዞ አልተመለሰምና ነው።

«ጎመን በጤና» ስለ ወጥ አይናገርም። ትንሽም ቢሆን ሰላምና ጤና ያለበት ኑሮ ይሻላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «በላ» ነው። ሰው ብር አያኝክም። ስለዚህ 80 ብር በላ ማለት የጋራውን ገንዘብ ለራሱ አደረገ ማለት ነው። ነገር ግን «የወንድሙን በሬ በላ» ቢባልስ? አርዶ በልቶት ይሆናል። ሸጦ ገንዘቡን ወስዶም ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለቱም ትርጉም ይሄዳል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አይተን መፍረድ አንችልም፣ የተናገረውን ሰው መጠየቅ አለብን። ለዳኛ ወይም ለሽማግሌ ስንናገርና ስንጽፍ ደግሞ «በላ» ብለን አንተው። «አረደው» ወይም «ሸጦ ገንዘቡን ወሰደ» ብለን ግልጡን እንናገር። አለዚያ ክሳችን ሌላ፣ ምስክራችን ሌላ ይሆናል።

እንግዲህ አባትየው ምን ያድርጉ? ስንቁ ይቆይ። ሁለቱ ልጆች የሚያከብሩትን፣ ሄዶ የሚመለስ ሽማግሌ ይላኩ። ሽማግሌውም በመጀመሪያ ገንዘቡን ያዋጣው ማን ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። ደብዳቤው የሚለው ይህንን ነው።