በሦስት ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ የመኪና ታሪክ

ያገለገለች ቪትዝ ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ዞሮ ቀለሟን ያያል፣ ቦዲዋን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ሞተሯን አስነስቶ ድምፅዋን ያዳምጣል። ደላላውም አጠገቡ ቆሞ «ወንድሜ፣ የሴት መኪና ናት፤ ከቤት ቢሮ ብቻ ነው የሄደችው» ይላል። ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ያለችውን መሳቢያ ከፍቶ ወረቀቶቹን የሚያገላብጥ ገዢ ግን ጥቂት ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው የሚያቀባብለው ያሉትንና በየዓመቱ የሚያረጁትን ነው። ስለዚህ ያቺ መሳቢያ ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ትናገራለች።

ከጃፓን በመጡ መኪናዎች ውስጥ አንዳንዴ ቀጭን የጥገና ደብተር ይገኛል። ጃፓን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ የግዴታ ምርመራ ያልፋል። ደብተሩን የሚሞላው ጋራዥ የምርመራውን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይመዘግባል። ፊደሉን አለማወቅ ብዙ አያግድም፤ የሚፈለገው አኃዙ ነው። አንባቢን የሚያሳስተው ዓመቱ ነው። ጃፓኖች ዓመት የሚቆጥሩት በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ስለሆነ ደብተሩ ላይ 24 የሚል ዓመት ቢገኝ የሄይሴይ ዘመን 24ኛ ዓመት ማለት ነው። 1988 ሲደመርበት 2012 በፈረንጆች ይሆናል። ከግንቦት 2019 በፈረንጆች ወዲህ ያለው ዘመን ሬይዋ ይባላል፤ በእሱ ላይ የሚደመረው 2018 ነው።

መኪናዋ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ታሪኳ በሌላ እጅ ይቀጥላል። ላቫጆው ወይም ጋራዡ ዘይት ሲቀይር በሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል ወይም ካርድ ይሰጣል፤ ቀኑን፣ የዕለቱን ኪሎ ሜትርና ቀጣዩ ዘይት የሚቀየርበትን ይጽፍበታል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ግን የሚገልጽ የለም። «8/1/2011» የሚለው መስከረም 8 ቀን 2011 ከሆነ በፈረንጆች መስከረም 2018 ነው። በፈረንጅ ከተነበበ ደግሞ መኪናዋ ገና ጃፓን ውስጥ እያለች አዲስ አበባ ዘይት ቀየረች ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ግራ መጋባት ሲያጋጥም ወረቀቱ ሐሰት ነው ብሎ ከመጣል በፊት ሁሉንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስ ይበጃል።

ለምሳሌ በ2009 በፈረንጆች የተሠራች ቪትዝ እንውሰድ። ደብተሯ በሄይሴይ 24 ላይ 28,900፣ በ26 ላይ 48,000፣ በ28 ላይ 67,200 ኪሎ ሜትር ይላል። በሁለት ዓመት ወደ 19,000 ገደማ እየጨመረች በእርጋታ ሄዳለች። በ2009 በእኛ አቆጣጠር አገር ገባች። የመጀመሪያው የላቫጆ ወረቀት መስከረም 2010 ላይ 69,000 ይላል፤ መስከረም 2011 ላይ ያለው 82,000። እዚህ በዓመት 13,000 ሄዳለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ወረቀት የለም። መስከረም 2017 ላይ ለሽያጭ ስትቀርብ ዳሽቦርዱ 91,000 ያሳያል።

ስድስት ዓመት፣ 9,000 ኪሎ ሜትር። በቀን ሲካፈል አራት ኪሎ ሜትር ነው። ከመገናኛ ቦሌ ለመድረስ እንኳ አይበቃም።

ለዚህ ክፍተት ሦስት ማብራሪያ ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ይሆናል። ወይም ቆጣሪው ተነክቷል። ወይም ደግሞ አገልግሎቱ ተደርጎ ወረቀት አልተያዘም፤ እኛ ዘንድ ይህ ብዙ ነው፣ ዘይቱን በጣሳ ገዝቶ ለሚያውቀው መካኒክ የሚሰጥ ሰው ደረሰኝ አይጠይቅም። ሦስተኛው ግን የወረቀቱን መጥፋት እንጂ የቁጥሩን ማነስ አያስረዳም። ስለዚህ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ እነሱን ለመለየት ደግሞ መኪናዋን ራሷን መጠየቅ ይቻላል።

ቦሎና ኢንሹራንስ በየዓመቱ ሲታደሱ ከነበረ መኪናዋ ቆማ ነበር የሚለው ወሬ ይሳሳል። ጎማው የበለጠ ይናገራል። ጎኑ ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳይ አራት አኃዝ አለ፤ «2320» ማለት በፈረንጆች 2020 በ23ኛው ሳምንት ነው። ያ ጎማ ሊገጠም የሚችለው ከመጨረሻው ወረቀት በኋላ ነው። ታዲያ 9,000 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጥርሱ አልቆ ከተገኘ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ደህና ጎማ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳልና። እርግጥ ያገለገለ ጎማ ገዝቶ መግጠም እኛ ከተማ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ መላጨቱን፣ መሪው በእጅ መያዣው ላይ መንሸራተቱን፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ መፈተጉንም አብሮ ማየት ነው። አራቱም በአንድ ቃል ከተናገሩ ክፍተቱ የመቆም ሳይሆን የመሄድ ዘመን ነበር። በዓመት 13,000 ለስድስት ዓመት 78,000 ነው፤ መኪናዋ 160,000 ገደማ ሄዳለች ብሎ ማሰብ ማጋነን አይሆንም።

ወረቀት መኖሩ ብቻም ዋስትና አይደለም። በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ 5,000፣ 10,000፣ 15,000 እያለ ያለ ዝንፍታ የሚወጣ ካርድ አንድ ማታ ተቀምጦ የተሞላ ሊሆን ይችላል። የእውነት ሰው ዘይት የሚቀይረው በ5,180፣ በ10,640 ነው፤ አንዱን ዘግይቶ፣ ሌላውን ቀድሞ። ዘይቱ በእርግጥ በጊዜው ይቀየር እንደነበር ለማወቅ የሞተሩን ዘይት መሙያ ክዳን ከፍቶ በባትሪ መብራት ማየት ይረዳል። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ከጠራ ደህና ነው። እንደ ቅባት የተጋገረ ጥቁር ጭቃ ከታየ ካርዱ የሚለው ሌላ፣ ሞተሩ የሚለው ሌላ ነው።

የጠፋ መዝገብ የሁሉንም መኪና ገዢ እኩል አይጎዳም። የቪትዝ ሞተር ታይሚንጉን የሚያስኬደው በሰንሰለት ስለሆነ ዋናው ስጋት ዘይቱ ነው። በ2ኬዲ ናፍጣ ሞተር የሚሠሩት ሃይሉክስና ሃይስ ግን የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ T-BELT የሚል መብራት ይበራል። ችግሩ መብራቱ ቺንጋውን አያይም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፣ ቆጣሪው ከወረደ ደግሞ መብራቱ መብራት በሚገባው ጊዜ ሳይበራ ይቀራል። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ቴስታታው ይከፈታል። ስለዚህ የቺንጋ መቀየር ማስረጃ የሌለው ሃይስ እንዳልተቀየረለት መቆጠር አለበት፤ የአዲሱ ቺንጋና የእጅ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይነሣል፣ ሥራውም ከግዢው በኋላ ባለው ሳምንት ይሠራል።

ሻጩ የሚታመን ከሆነ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ማን ጋራዥ ነበር የምታሠራው? የመካኒኩን ስልክ ሳያመነታ የሚሰጥ ባለቤት ያልተጻፈውን ታሪክ በቃል ያስሞላል፤ መካኒኩም መኪናዋን ያስታውሳል፣ ካምቢዮ ዘይቷን መቼ እንደቀየረ ይናገራል። ቪትዟ ዘንድ ግን ሻጩ ዝም ካለ፣ ዋጋውንም በ91,000 ኪሎ ሜትር ከጠራ፣ ገዢው ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳይቶ በ160,000 ይደራደር። እምቢ ካለ ቁልፉን ይመልስለት።