ሲቀዳ የሚሳሳት ፎርሙላ

በኤክሴል የተሠራን የቤት ሥራ ስናርም ብዙውን ጊዜ የምናየው መልሱን ብቻ ነው። ስሕተቱ ግን ከመልሱ በስተጀርባ ባለው ፎርሙላ ውስጥ ይደበቃል። አንድ ምሳሌ እንመልከት።

የአራት ዕቃዎች ዋጋ ከB2 እስከ B5 ተጽፏል፤ እርሱም 800፣ 2000፣ 3000 እና 400 ብር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ፣ ማለትም 15%፣ በE1 ላይ ይገኛል። ከሥሩ በE2 ላይ የቅናሽ ምጣኔ 10% ተጽፏል፤ E3 ባዶ ነው፤ በE4 ላይ ደግሞ «ማስታወሻ» የሚል ቃል አለ። ተማሪው የእያንዳንዱን ዕቃ ታክስ ለማግኘት በC2 ላይ የሚከተለውን ጽፎ እስከ C5 ወደ ታች ይቀዳዋል።

```
=B2*E1
```

C2 ትክክለኛውን 120 ያሳያል። C3 ግን 200፣ C4 ደግሞ 0 ይሆናሉ፤ በC5 ላይ #VALUE! ይወጣል። ድምሩን የያዘው C6 ራሱ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት ያንኑ #VALUE! ይወርሳል።

ምክንያቱ E1 አንጻራዊ አድራሻ መሆኑ ነው። ኤክሴል አድራሻውን የሚረዳው «ከእኔ ሁለት ዓምድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ረድፍ ወደ ላይ» ብሎ ስለሆነ፣ ፎርሙላው አንድ ረድፍ ሲወርድ E1 ወደ E2 ይለወጣል። ባዶ ሴል እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ቃል ግን ሊባዛ አይችልም። ከሦስቱ ስሕተቶች እጅግ አሳሳቹ 200 ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ታክስ ይመስላል።

መድኃኒቱ ምጣኔውን በፍጹም አድራሻ መጥራት ነው። በC2 ፎርሙላ ውስጥ ጠቋሚውን E1 ላይ አድርገን F4ን ስንጫን የዶላር ምልክቶቹ ይገባሉ።

```
=B2*$E$1
```

ፎርሙላውን እንደገና ወደ ታች ስንቀዳው 120፣ 300፣ 450 እና 60 እናገኛለን።

ለማረም Ctrl+` ን እንጫን፤ በውጤቶቹ ፋንታ ፎርሙላዎቹ ይታያሉ። ዓምዱን ወደ ታች እያነበብን B በየረድፉ መለወጡን፣ $E$1 ደግሞ ባለበት መቆየቱን እናረጋግጥ። በፎርሙላ ፋንታ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካለም እዚሁ ይጋለጣል። ከዚያም ድምሩን በሌላ መንገድ እናስላ።

```
=SUM(B2:B5)*E1
```

ይህም ሆነ C6 930 ሊሰጡ ይገባል።

ይሁንና የዶላር ምልክት አድራሻን የሚጠብቀው ፎርሙላው ሲቀዳ ብቻ ነው። የE ዓምድ ጨርሶ ቢሰረዝ $E$1 ራሱ ወደ #REF! ይለወጣል። ያን ጊዜ ሥራውን ሳናስቀምጥ ወዲያውኑ በCtrl+Z ስረዛውን መመለስ ይቀላል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ፎርሙላው የትኛውን ሴል ይጠራ እንደነበር የሚነግረን ነገር በውስጡ አይቀርም።