23 ትእዛዝ፣ 41 ሽያጭ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣላትን በርበሬ፣ ሽሮና ቡና እያሸገች በድረ ገጿ ትሸጣለች፤ ራቅ ላሉትም በፖስታ ትልካለች። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ከጀመረች በኋላ በወር 300 ዶላር ታወጣ ነበር። አንድ እሁድ ደወለችልኝና «አንተ ልጅ፣ ማስታወቂያው እኮ ተአምር ሠራ! በዚህ ወር ብቻ 41 ሽያጭ አምጥቶልኛል። ወጪውን እጥፍ ላደርገው ነው» አለችኝ። እንጀራዬ ድረ ገጽ መሥራትና ማስታወቂያ መከታተል ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «በወሩ ውስጥ ስንት ዕቃ አሽገሽ ላክሽ?» ደብተሯን ገለጠች። 23።

ይህ 23 የሁሉም ድምር ነው። የቆየ ደንበኛዋ፣ ጓደኛው ነግሮት የመጣው፣ በማስታወቂያ ያገኛት፣ ሁሉም አለበት። ማስታወቂያው ለብቻው 41 ሽያጭ አመጣ ማለት ቁራሹ ከእንጀራው በለጠ እንደማለት ነው። አንድ ነገር በውሸት እየተቆጠረ ነበር።

የማስታወቂያ ሰዎች ጎብኚው የተፈለገውን ነገር ሲፈጽም፣ ማለትም ሲገዛ፣ ሲመዘገብ ወይም ሲደውል፣ ኮንቨርዥን ይሉታል። ጉግል ማስታወቂያው መነካቱን ራሱ ያውቃል። ሰውየው ሱቅ ከገባ በኋላ ያደረገውን ግን ሱቁ ካልነገረው አያውቅም። ነጋሪው ታግ የሚባለው፣ በድረ ገጹ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ኮድ ነው።

ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ኮድ በሁሉም ገጽ ላይ ይገባል። አንድ ሰው ማስታወቂያውን ሲነካ በሚከፈተው አድራሻ ጫፍ ላይ `gclid` የሚል ረጅም መለያ ተለጥፎ ይመጣል። ይህ ኮድ መለያውን አንብቦ `_gcl_aw` በሚባል ኩኪ፣ ማለትም ብራውዘሩ ውስጥ በምትቀመጥ ትንሽ ማስታወሻ፣ ያኖረዋል። ሰውየው ዛሬ አይቶ ከሳምንት በኋላ በዚያው ብራውዘር ተመልሶ ቢገዛ «ይህ በእገሌ ማስታወቂያ የመጣ ነው» ለማለት የሚቻለው በዚያች ማስታወሻ ነው። ብዙ ሰው ኮዱን የምስጋናው ገጽ ላይ ብቻ አስቀምጦ ቁጥር ሲጠፋበት ይደነቃል። በር ላይ የተሰጠውን መለያ ማንም ካልያዘው፣ መውጫው ላይ የሚነገር ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ኮድ የሚቀመጠው ክፍያው ካለቀ በኋላ «ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» በሚለው ገጽ ብቻ ነው። ይህ ገጽ ሲከፈት ኮዱ ለጉግል «ሽያጭ ተፈጽሟል» ብሎ መልእክት ይልካል። በአክስቴ ልጅ ገጽ ላይ ያገኘሁት እንዲህ ይል ነበር፤ የሂሳብ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ፦

```html
<script>
gtag('event', 'conversion', {
  'send_to': 'AW-123456789/AbCdEfGh',
  'value': 45.0,
  'currency': 'USD',
  'transaction_id': ''
});
</script>
```

ጉግል ለሽያጭ የሚያዘጋጀውን ኮድ እንዳለ ገልብጦ የለጠፈ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። የመጨረሻዋን መስመር ተመልከቱ። `transaction_id` የትእዛዙ ቁጥር የሚገባባት ቦታ ናት፤ እዚህ ግን በሁለቱ ጭረቶች መካከል ምንም የለም። ባዶ ሆና የምትመጣው ባለሱቁ እንዲሞላት ነው። ባትሞላም ኮዱ አይሰበርም፣ ቀይ ማስጠንቀቂያም አይወጣም። ስለዚህ ማንም ልብ አይላትም።

ደንበኛ ሲገዛ ከሱቁ ኢሜይል ይደርሰዋል። በኢሜይሉ ውስጥ «ትእዛዝዎን ይመልከቱ» የሚል ሊንክ አለ። ሊንኩ የሚወስደው ወደዚያው የምስጋና ገጽ ነበር። በርበሬ አዝዞ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ «ተልኮልኝ ይሆን?» እያለ ቀን በቀን ይከፍተዋል። ገጹ በተከፈተ ቁጥር መልእክቱ ይሄዳል፤ ቁጥር ስለሌለው ጉግል እያንዳንዱን እንደ አዲስ ሽያጭ ይመዘግባል። የአክስቴ ልጅ 41 ሽያጭ ያለችው አብዛኛው የደንበኞቿ ጭንቀት ነበር።

ነገሩን በግምት አልተውኩትም፤ ከእሷ ጋር በስልክ እየተነጋገርን ኮምፒውተር ላይ ፈተንነው። ይህን የፈተና መንገድ ማንም ባለሱቅ ያለ ባለሙያ ሊሠራው ስለሚችል ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

መጀመሪያ ማስታወቂያ የሚከለክል መሣሪያ ብራውዘሩ ላይ ካለ አጥፉት፤ እሱ ካለ መልእክቱን ከመነሻው ስለሚያግደው ፈተናው ዋጋ የለውም። ከዚያ የራሳችሁን ማስታወቂያ አትንኩ፤ ገንዘባችሁን ይበላል። በምትኩ ክሮም ላይ የሱቁን አድራሻ ጽፋችሁ ከጫፉ `?gclid=test123` ጨምሩና ክፈቱት። `F12` ስትጫኑ የብራውዘሩ ጓዳ ይከፈታል። `Application` በሚለው ስር `Cookies` ውስጥ ግቡ። `_gcl_aw` የሚል መስመር ካለና በመጨረሻው ላይ `test123` ካነበባችሁ የመጀመሪያው ኮድ ሥራውን ሠርቷል። ከሌለ፣ ወይ ኮዱ ገጹ ላይ የለም፣ ወይ ድረ ገጹ ጎብኚውን ወደ ሌላ አድራሻ ሲያዛውር መለያውን መንገድ ላይ ጥሎታል፣ ወይ ደግሞ ኩኪ እንዲፈቀድ የሚጠይቀውን ሳጥን ገና እሺ አላላችሁም።

ቀጥሎ `Network` የሚለውን ክፈቱ፤ `Preserve log` ላይ ምልክት አድርጉ። ይህች ምልክት ከሌለች ገጽ በተቀየረ ቁጥር መዝገቡ ይጠፋል፤ የምትፈልጉት መልእክትም አብሮ ይጠፋል። በማጣሪያው ሳጥን `conversion` ብላችሁ ጻፉና ከሱቃችሁ እጅግ ርካሹን ዕቃ እንደ ደንበኛ ግዙ፤ እውነተኛ ክፍያ ክፈሉ። ስትዘዋወሩ በየገጹ `viewthroughconversion` የሚል መስመር ሊታይ ይችላል። እሱ ጎብኚ መኖሩን የሚናገር እንጂ ሽያጭ አይደለም፤ ብዙ ጀማሪ እሱን አይቶ «ሠራ!» ይላል። እናንተ የምትጠብቁት የምስጋናው ገጽ ሲከፈት የሚመጣውን፣ በውስጡ `label=AbCdEfGh` የሚል ያለበትን ነው፤ ማለትም ከኮዱ ጭረት በኋላ ያለውን የራሳችሁን መለያ። መስመሩን ስትነኩት ሦስት ነገር አንብቡ፦ `value` ስንት ነው? `currency_code` ምንድን ነው? `oid` ላይስ የትእዛዝ ቁጥር አለ?

የአክስቴ ልጅ ለፈተናው 12 ዶላር የሆነች ሚጥሚጣ ገዛች። መልእክቱ ላይ ያነበብነው `value=45` ነበር፤ `oid` ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ኮዱን የለጠፈላት ሰው የአንድ ትእዛዝ ዋጋ በግምት 45 ነው ብሎ ስለጻፈው፣ የሚጥሚጣ ከረጢትም የጅምላ ቡናም እኩል 45 ዶላር ሆነው ይመዘገቡ ነበር። ከዚያ ገጹን እንድታድሰው ነገርኳት። ሁለተኛ መልእክት ሄደ። ደግማ አደሰችው፤ ሦስተኛ። «ይኸው ሦስት ሚጥሚጣ ሸጥሁ ማለት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። የሱቁ ሶፍትዌር የትእዛዙን ቁጥርና ትክክለኛ ድምር ገጹ ሲዘጋጅ በቦታቸው እንዲሞላ ተደረገ፤ `'value': 12.0` እና `'transaction_id': '1027'` ሆነ። አሁንም ገጹ ቢታደስ መልእክቱ ይሄዳል፤ ያ አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን ለአንድ ኮንቨርዥን ቁጥር 1027 ሁለት ጊዜ ሲመጣ ጉግል ሁለተኛውን አይቆጥረውም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ፈንታ በማስታወቂያው ቅንብር ውስጥ `Count` የሚለውን `One` ላይ ያደርገዋል። ይህ ከአንድ ማስታወቂያ ንክኪ አንድ ብቻ እንዲቆጠር ያደርጋል። ለምዝገባ ተገቢ ነው፤ ለሱቅ ግን አልመክረውም፤ አንድ ደንበኛ በእውነት ተመልሶ ሁለተኛ ጊዜ ቢገዛ ያንን ይደብቃል። ለሽያጭ `Every` ከትእዛዝ ቁጥር ጋር ይሻላል።

አንድ ሌላ ችግር ደግሞ በተቃራኒው ቁጥር ያሳንሳል። ክፍያው በሌላ ድርጅት ገጽ የሚፈጸም ከሆነ፣ ደንበኛው ከፍሎ ወደ ሱቁ ሳይመለስ ገጹን ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ገንዘቡ ገብቷል፣ የምስጋናው ገጽ ግን አልተከፈተም፤ ኮዱም አልተናገረም። በሞባይል የሚገዛ ሰው ይህን ደጋግሞ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ልክ ይመሳሰላሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ጉግል የሚያሳየው ከደብተራችሁ ማነሱ ጤና ነው፤ መብለጡ ግን በሽታ ነው።

ስታነጻጽሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋናው የ`Conversions` ዓምድ ሽያጩን የሚጽፈው በተሸጠበት ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በተነካበት ቀን ላይ ነው። በ3 የነካ ሰው በ12 ቢገዛ ሽያጩ 3 ላይ ይገባል። ካልቀየራችሁት በቀር ጉግል ከንክኪው በኋላ 30 ቀን ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ የትናንቱን ቁጥር ከትናንቱ ደብተር ጋር አታስተያዩ፤ ያለፈውን ወር ዘግየት ብላችሁ አስተያዩ።

ኮድ ስትላላኩም በቴሌግራም ወይም በዎርድ አሳልፋችሁ አትለጥፉ። ቀጥ ያሉት ጭረቶች ወደ ጥምዝ ሊቀየሩና ኮዱ ሊሞት ይችላል፤ በብራውዘሩ ጓዳ `Console` ውስጥ `SyntaxError` የሚል ቀይ ጽሑፍ ካያችሁ መጀመሪያ ጭረቶቹን ተመልከቱ።

ከተስተካከለ በኋላ በነበረው ወር ደብተሯ 26 ትእዛዝ ሲል ማስታወቂያው 14 አለ። ይህ የሚታመን ቁጥር ነው፤ ግን መራራ ነበር። 300 ዶላር ለ41 ሲካፈል አንድ ሽያጭ 7 ዶላር ከምናምን ያስወጣል ብላ ነበር የምታስበው። ለ14 ሲካፈል ከ21 ዶላር በላይ ነው። ከአንድ ትእዛዝ የሚተርፋት ደግሞ 16 ዶላር ገደማ ነው። ወጪውን እጥፍ ብታደርገው ኖሮ ኪሳራዋን እጥፍ ታደርገው ነበር። ማስታወቂያውን በሙሉ አላቆመችም፤ ትልልቅ ትእዛዝ የሚያመጣላትን የቡናውን ትታ የሚጥሚጣውንና የሽሮውን ዘጋች።

ማስታወቂያ የምታሠሩ ሁሉ፣ ወጪ ከመጨመራችሁ በፊት ከራሳችሁ ሱቅ አንድ ርካሽ ዕቃ ግዙና የምስጋናውን ገጽ ሦስት ጊዜ አድሱት። ሦስቱም መልእክቶች አንድ ዓይነት `oid` ይዘው ካልሄዱ፣ ቁጥራችሁን ገና አትመኑት።