ሥራ አስኪያጇ ምን ስትሠራ ዋለች?

የሥራ አስኪያጅ ሥራ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው መልስ ከፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ከሄንሪ ፋዮል የተወረሰ ነው። ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራው ማስተዳደር ማለት ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቆጣጠር ነው አለ። አከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው አንድን ሥራ አስኪያጅ ከጠዋት እስከ ማታ ተከትሎ የሚያደርገውን ሁሉ በእነዚህ አምስት ቃላት ለመመደብ ሲሞከር ነው። ጡረታ የወጣ ሠራተኛን መሸኘት ማቀድ ነው ወይስ መቆጣጠር?

ካናዳዊው ሄንሪ ሚንትዝበርግ በ1960ዎቹ ለዶክትሬት ጥናቱ ያደረገው ይህንኑ ነበር። አምስት የበላይ ኃላፊዎችን፣ ከመካከላቸው የአንድ ሆስፒታልና የአንድ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ኃላፊዎች ይገኙበታል፣ እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት በቅርብ ተከታተለ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀና ለምን ጉዳይ እንደሆነ መዘገበ። ያገኘው በርጋታ ቁጭ ብሎ የሚያቅድ ሰው አልነበረም። ከተግባሮቹ ግማሽ ያህሉ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የሚያልቁ ነበሩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የወሰዱት ከአሥር አንድ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በወረቀት ላይ ሳይሆን በንግግር ነበር። ሚንትዝበርግ ለእያንዳንዱ ተግባር «ይህ ለምን ተደረገ?» የሚል ጥያቄ እያነሳ ሲያሰባስባቸው አሥር ሚናዎች ወጡለት። አሥሩን ደግሞ በሦስት ወገን መደባቸውና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አወጣው።

ሦስቱ ወገኖች የሰው ለሰው ግንኙነት፣ የመረጃ እና የውሳኔ ሚናዎች ይባላሉ። ቅደም ተከተላቸው የዘፈቀደ አይደለም። አንድ ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም በመጀመሪያ የሚያገኘው ሥልጣንና ማዕረግ ነው፤ በዚያ ሳቢያ ሌላው ሠራተኛ ሊደርስባቸው የማይችላቸው ሰዎች በር ይከፈትለታል። ከሰዎቹ ወሬና መረጃ ይመጣል። መረጃው በአንድ እጅ ሲጠራቀም ደግሞ ያ ሰው ለመወሰን ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ግንኙነት መረጃን ይወልዳል፣ መረጃ ውሳኔን። አሥሩን ሚናዎች በቃል ከመያዝ ይልቅ ይህን ሰንሰለት መረዳት ይበልጣል፤ ሰንሰለቱን የተረዳ ሰው ዝርዝሩን ቢረሳ እንኳ ራሱ መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

ሚናዎቹ ጎልተው የሚታዩት በአንድ ቀን ውሎ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የክልል ከተማ ያለ መካከለኛ ሆስፒታልን የምትመራ ሥራ አስኪያጅ እንውሰድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሎቹን ዞር ዞር ብላ ታያለች። የሕፃናት ክፍል ነርሷ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ እያለቀ መሆኑን ትነግራታለች፤ የመጋዘን ኃላፊው ሙሉ ሲሊንደር የቀረው ጥቂት እንደሆነ ያክላል። ሥራ አስኪያጇ እስካሁን ያዘዘችውም የወሰነችውም ነገር የለም፤ እየሰማችና እየተመለከተች ነው። ይህ የመረጃ ወገን ነው፣ ሚናውም መረጃ ሰብሳቢነት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከነርሷ ጋር ስለተነጋገረች ብቻ ድርጊቱን ወደ ሰው ለሰው ግንኙነት በመውሰድ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሳይነጋገር የሚሠራው ነገር ጥቂት ስለሆነ መነጋገር ለብቻው ምንም አይለይም። የሚለየው ንግግሩ ምን ይዞ እንደተመለሰ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ የሠራተኞች ስብሰባ አለ። ከትናንት በስቲያ ከጤና ቢሮ የተሰጠውን አዲስ የመድኃኒት አጠያየቅ መመሪያ ታስረዳለች። ከውጭ ያገኘችውን መረጃ ወደ ውስጥ ማስገባቷ ስለሆነ ሚናው መረጃ አሰራጭነት ነው። ከስብሰባው ስትወጣ የአካባቢው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ተጠባባቂ ሕሙማን ብዛት ይጠይቃታል፤ ትመልስለታለች። አሁን መረጃው የሚሄደው ከውስጥ ወደ ውጭ ነውና ሚናዋ ቃል አቀባይነት ሆነ። ሁለቱን የሚለየው የመረጃው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የተናገረችበት ቦታ፣ የድምፅ ማጉያ መኖር አለመኖሩ ወይም የአድማጩ ብዛት ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከረፋዱ በኋላ ሦስት ነገሮች ይከታተላሉ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለች አዋላጅ በጡረታ ስትሸኝ ሥራ አስኪያጇ በሆስፒታሉ ስም ስጦታ ታበረክታለች። በሥነ ሥርዓቱ ላይ እሷን የሚተካ ሌላ ሰው ስጦታውን ቢሰጥ ትርጉሙ ይቀንስ ነበር፤ የተፈለገው ሰውየዋ ሳትሆን ወንበሩ ነው። ይህ የተቋም ተወካይነት ሚና ነው። ቀጥሎ ሥራ ለመልቀቅ ያሰበ ወጣት ሐኪም ቢሮዋ ድረስ ጠርታ ምን እንዳስከፋው ትጠይቃለች፣ የሥልጠና ዕድል እንዳለ ትነግረዋለች፣ እንዲቆይ ታበረታታለች። ይህ መሪነት ነው፤ መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ ማትጋትና መገሠጽ ሁሉ በዚሁ ሚና ሥር ይገባሉ። ከዚያ የዞኑ ሆስፒታሎች ኃላፊዎች በየወሩ ለሚያደርጉት ምሳ ትሄዳለች። ለዚያ ቀን የያዘችው የተለየ ጉዳይ የለም፤ ነገ ሊያስፈልግ የሚችል ትውውቅ እያጠበቀች ነው። ይህ ደግሞ አገናኝነት ይባላል። ሦስቱም የሰው ለሰው ግንኙነት ሚናዎች ናቸው፤ የሚለያዩት በሰዎቹ ነው። መሪነት የሚመለከተው ከእሷ ሥር ያሉትን ሲሆን፣ አገናኝነት የሚመለከተው ከእሷ የዕዝ መስመር ውጭ ያሉትን ነው።

ከምሳ በኋላ የኦክስጅኑ ነገር ይፈነዳል። ሲሊንደር የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ በመጋዘን ያለው እስከ ማታ አይዘልቅም። ሥራ አስኪያጇ አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች ለነገ እንዲተላለፉ ታዛለች፤ በምሳው ላይ አብሯት ለነበረው የሌላ ሆስፒታል ኃላፊ ደውላ ሲሊንደር እንዲያበድራት ትጠይቃለች፤ አምቡላንሱ ሄዶ እንዲያመጣ ትልካለች። ሚናው ችግር ፈቺነት ነው፣ ወገኑም ውሳኔ። የስልኩን ጥሪ ብቻ ነጥሎ ያየ ሰው አገናኝነት ሊለው ይችላል፤ ጥሪው የተሳካውም በእርግጥ ቀድሞ የተሠራ የአገናኝነት ሥራ ስለነበረ ነው። ነገር ግን አሁን የተደወለው ትውውቅ ለማጥበቅ አይደለም፤ ከአቅሟ ውጭ በድንገት ለመጣ እክል መፍትሔ ለማግኘት ነው። ምሳው አገናኝነት ሆኖ ከዚያው ሰው ጋር የተደረገው ስልክ ችግር ፈቺነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እክሉ ካለፈ በኋላ ሥራ አስኪያጇ ሌላ ነገር ታስባለች። ሆስፒታሉ ኦክስጅንን ከሩቅ እያስመጣ ከሚቸገር በግቢው ውስጥ አነስተኛ ማምረቻ ለምን አይተክልም? የሚያጠና ቡድን ታቋቁማለች። ድርጊቱ ስለዚያው ኦክስጅን ቢሆንም ሚናው ተለወጠ። ማንም አላስገደዳትም፣ ቀኑንም የመረጠችው ራሷ ናት፤ ስለዚህ ይህ ለውጥ ጀማሪነት ነው። በፈተና ላይ ተማሪዎችን ከሚያደናግሩ ጥያቄዎች ምናልባት ዋነኛው ይኸው የሁለቱ ሚናዎች ልዩነት ነው። ችግር የሚለው ቃል በሁለቱም መግለጫዎች ውስጥ ስለሚገኝ ቃሉን መፈለግ አይጠቅምም። መታየት ያለበት ድርጊቱን ማን እንደጀመረው ነው፤ ሁኔታው ከገፋት ችግር ፈቺ ናት፣ እሷ ሁኔታውን ከገፋችው ለውጥ ጀማሪ።

አመሻሽ ላይ ቀሪዎቹ ሁለት የውሳኔ ሚናዎች ይመጣሉ። ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ከቀረው ገንዘብ ለድንገተኛ ክፍል ምን ያህል፣ ለላቦራቶሪ ምን ያህል እንደሚሰጥ ወስና ትፈርማለች፤ ይህ ሀብት መደልደል ነው። የራሷን ጊዜ ለማን እንደምትሰጥ መወሰኗም በሚንትዝበርግ አስተያየት ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ የቀጠሮ መዝገቧም የድልድል ሰነድ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ ከጥገና ተቋራጩ ጋር በዋጋና በማስረከቢያ ቀን ትከራከራለች፤ ይህ ተደራዳሪነት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይነካሉ፣ ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው። በድልድሉ ቃሏ የመጨረሻ ነው፤ በድርድሩ ግን በማዶ የተቀመጠው ሰው እምቢ ማለት ይችላል።

አንዳንድ አጭር መግለጫዎች እስከነጭራሹ ሊመደቡ አይችሉም። «ሥራ አስኪያጇ ከጤና ቢሮው ኃላፊ ጋር ተገናኘች» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለ ዓላማው ምንም አይናገርም። በጀት ለማስጨመር ከሆነ ድርድር፣ የሆስፒታሉን የሥራ ውጤት ለማስረዳት ከሆነ ቃል አቀባይነት፣ ስለሚመጣው መመሪያ ወሬ ለመስማት ከሆነ መረጃ ሰብሳቢነት ነው። በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስቱንም ያደረገች እንደሆነ መግለጫው መበተን አለበት። ሚንትዝበርግ ራሱ አሥሩ ሚናዎች የማይነጣጠል አንድ ነገር እንደሆኑ፣ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹም እንደሚጎዱ ጽፏል። ከሰው ጋር የማይገናኝ ሥራ አስኪያጅ መረጃ አያገኝም፤ የሚወስነውም በጭፍን ይሆናል።

ሚዛኑ በሁሉም ሥራ አስኪያጅ ዘንድ እኩል አይደለም። የሽያጭ ኃላፊዎች የበለጠ ጊዜያቸውን በሰው ለሰው ግንኙነት፣ የምርት ኃላፊዎች በውሳኔ ሚናዎች በተለይም በችግር ፈቺነትና በድርድር፣ የሙያ ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ በመረጃ ሚናዎች እንደሚያሳልፉ ሚንትዝበርግ አመልክቷል። ጥናቱ የተመሠረተው ግን በአምስት ሰዎች ላይ ነው፣ አምስቱም የበላይ ኃላፊዎች ነበሩ፤ ስለ ፈረቃ ኃላፊ ወይም ስለ ትንሽ ሱቅ ባለቤት ብዙ አይናገርም። ከዚህ በላይ የሚከብደው ትችት የመጣው ከራሱ ከሚንትዝበርግ ነው። ዝርዝሩ ሚናዎቹን ለያይቶ አስቀመጠ እንጂ እንዴት እንደሚያያዙ በቂ አላሳየም ብሎ፣ 29 ሥራ አስኪያጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ አቀራረብ አቀረበ። በዚያ ሥራ አስኪያጁ በሦስት ደረጃ ይሠራል፤ በመረጃ፣ በሰዎች ወይም በቀጥታ በድርጊት። የኦክስጅኑ ቀን በዚህ ቢመዘን መመሪያውን ማስረዳቷ በመረጃ፣ ሐኪሙን ማግባባቷ በሰዎች፣ አምቡላንሱን መላኳ በድርጊት የተሠራ ይሆናል።