«የጥቅም ግጭት» በሥነ ምግባር ደንብ፤ ለማንኩሳ የግዥ ኮሚቴ ቢጻፍ

«የጥቅም ግጭት» የተባለው ሐረግ በቃል ከቃል ትርጉም ወደ አማርኛ የገባ ነው። ዛሬ በሕግ ቋንቋ ሥር ሰድዷል፤ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ይጠቀምበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የፀረ ሙስና ስምምነትም በአማርኛ ሲነገር ያለ እርሱ አይነገርም። ለሕግ ባለሙያ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚነሣው ሐረጉ ከአዋጅ ወጥቶ ወደ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በሚወርድበት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸንኑ ነው፤ ለምሳሌም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ የታወቀውን ማንኩሳን እንወስዳለን። የምንገምተው ማኅበር የአባላቱን በቆሎ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያጓጉዝ አይሱዙ ለመከራየት ጨረታ ያወጣል፤ የሚወስነውም አምስት አባላት ያሉት የግዥ ኮሚቴ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የሚገኘውን የተለመደ አጻጻፍ አንድ ላይ ብናደርገው የሚከተለውን የመሰለ ዓረፍተ ነገር እናገኛለን፦

«ማንኛውም የኮሚቴ አባል ከራሱ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ጥቅም ጋር ሊጋጭ በሚችል ጉዳይ ላይ በሚደረግ ውሳኔ ከመሳተፍ ራሱን ማግለልና ይህንኑ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባዋል።»

በመጀመሪያ «ከጥቅሙ ጋር ሊጋጭ» የሚለውን እንመርምር። በአማርኛ አንድ ጉዳይ ከሰው ጥቅም ጋር ተጋጨ ማለት ሰውየውን ጎዳው ማለት ነው። እንግዲህ የአንዱ አባል እኅት ባል አይሱዙ ኖሮት ቢጫረትና ቢያሸንፍ፣ አባሉ «ጉዳዩ ከጥቅሜ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ይስማማል» ብሎ ቢቀመጥ፣ እንደ ቃሉ ደንቡን አልጣሰም። ደንቡ ሊከለክለው የተነሣውን ነገር የደንቡ ቋንቋ ፈቀደለት ማለት ነው። ስሕተቱ የመጣው «ግጭት» በሚለው ስም ውስጥ ሁለት ተጋጪዎች ሳይጠቀሱ በመቅረታቸው ነው። የሚጋጩት የማኅበሩ ጥቅምና የአባሉ የግል ጥቅም ሲሆኑ የሚጋጩትም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው። ገበሬው ግን «ግጭት» ሲባል የሚያስበው የመኪና ግጭትን ወይም የሁለት ሰዎችን ጠብ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ጥቅም» ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ የሚተካው ቃል ጥቅምን ብቻ ሳይሆን በጉዳዩ ውስጥ እጅ መኖርንም ያጠቃልላል፤ የአማርኛው «ጥቅም» ግን ትርፍ ነው። ስለዚህ ቂም ይቀራል። ከተጫራቹ ጋር በድንበር ተካሶ የቆየ አባል ተጫራቹ ቢሸነፍ የሚያገኘው ሳንቲም የለም፤ ሆኖም በፍርዱ ሚዛናዊ ይሆናል ብሎ የሚያምን አይኖርም። በዚህ ረገድ ስለ ዳኞች የተጻፈው አሮጌ ሕግ የተሻለ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 ዳኛ ከችሎት የሚነሣበትን ሲዘረዝር ከተከራካሪው ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና መኖሩን ብቻ አልጠቀሰም፤ ዳኛው ከተከራካሪው ጋር በፍርድ ቤት ሙግት ያለው መሆኑንም ጨምሯል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ቢተካም ዘዴው፣ ይኸውም ረቂቅ ስም ከመስጠት ይልቅ ሁኔታውን መዘርዘሩ፣ ለእኛ ሥራ የሚበጅ ነው።

ሦስተኛው «ይገባዋል» ነው። «ማሳወቅ ይገባዋል» ግዴታን ሊያመለክት ይችላል፤ «ደመወዝ ይገባዋል» ስንል ግን መብት ነው። አንድ ቃል ግዴታንም መብትንም ሲሸከም በደንብ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። «ራሱን ማግለል»ም እንዲሁ ነው፤ በገጠር «የተገለለ» ማለት ከሰው የተለየ፣ የተነወረ ማለት ነውና ምንም ያላጠፋ አባል ራሱን እንዲያገልል መታዘዙን እንደ ቅጣት ይቈጥረዋል። እንዲያደርግ የምንፈልገው ነገር ከቤቱ እንዲወጣ ነው፤ «ይወጣል» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ስለ አነጋገሩ አንድ ነገር እንጨምር። በግልጽ ቋንቋ ጽሑፍ አንባቢውን በቀጥታ መጥራት ይመከራል፤ በአማርኛ ግን «አንተ» ካልን ሴቶች አባላት ይቀራሉ፤ «አባላት» ብለን ብናበዛ ደግሞ ግዴታው የአንድ ሰው መሆኑ ይጠፋል። «እርስዎ» ሁለቱንም ጾታ ይይዛል፤ ለወጣት አባል ትንሽ ቢከብድም ማንንም አያስቀይምም። ረቂቁ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦

«የኮሚቴው ሥራና የግል ጉዳይ ሲገናኙ (የጥቅም ግጭት)። ከተጫራቾቹ አንዱ ከዚህ በታች ከተጻፉት ሰዎች አንዱ ከሆነ፣ ዋጋ ከመነበቡ በፊት ለሰብሳቢው ይናገራሉ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ይጽፈዋል። እርስዎ ከቤቱ ይወጣሉ፤ ውሳኔው እስኪያልቅ አይመለሱም፤ ድምፅም አይሰጡም። ሰዎቹም እነዚህ ናቸው፦ ባልዎ ወይም ሚስትዎ፤ ወላጅዎ፣ ልጅዎ፣ ወንድምዎ፣ እኅትዎ፣ የአጎትዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ፤ አማትዎ፣ አማችዎ፣ አበልጅዎ፤ መሬትዎን በእኩል የሚያርስ ወይም የርሱን መሬት እርስዎ በእኩል የሚያርሱለት፤ ያበደረዎ ወይም ከእርስዎ የተበደረ፤ ከእርስዎ ጋር የተካሰሰ ወይም የተቃቃረ።»

ሕጋዊውን ስም በቅንፍ የተውነው ደንቡ ከአዋጁ ጋር እንዲገናኝ ብቻ ነው። «ዘመድ» የሚለውን ቃል ግን ሆን ብለን አልጻፍነውም። በሀገሩ ባህል ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ በዚያ ስፍር ብንሄድ ከአምስቱ አባላት አንድም ሰው በወንበሩ ላይ ላይቀር ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከአጎትና ከአክስት ልጅ ላይ አቆምነው። እድርንም ያላስገባነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንድ ቀበሌ ሁሉም ያንድ እድር ሰው ሊሆን ይችላልና። በአንጻሩ አበልጅነት በአዋጅ ውስጥ ባይጠቀስም በጎጃም ገጠር ከሥጋ ዝምድና የማያንስ ማሰሪያ ስለሆነ መግባት አለበት። ይህም ሁሉ ሆኖ ከአምስቱ ሦስቱ የሚወጡ ከሆነ ውሳኔው ወደ ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚያልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ያስፈልጋል።

በቃላት ምርጫ የማይፈታው ችግር ይሉኝታ ነው። ባለ መኪናው አበልጁ የሆነ ሰው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ይህን ቢናገር ወዳጁን ያሳማ ይመስለዋል፤ ዝም ማለቱን እንደ ጨዋነት ያየዋል። መናገሩን ለግለሰቡ ብቻ የተወ ደንብ በዚህ ምክንያት ሳይሠራበት ይኖራል። መፍትሔው ጥያቄውን ለሁሉም ማቅረብ ነው፤ «ሰብሳቢው ፖስታ ከመከፈቱ በፊት የተጫራቾቹን ስም ያነባል፤ እያንዳንዱን አባል በተራ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም አለኝ ወይም የለኝም ብሎ ይመልሳል» የሚል አንቀጽ ይታከላል። ተጠይቆ መመለስ ሐሜት አይደለም፤ ተጠይቆ መዋሸት ግን ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ረቂቁ ከተጻፈ በኋላ ለማያነብ ሰው ጭምር በቃል ይነበብና በራሱ አነጋገር እንዲመልሰው ይጠየቃል። «ተረድተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ማንም «አልገባኝም» አይልም። «አበልጅህ አይሱዙ አቀረበ፤ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «እናገራለሁ፤ እወጣለሁ» ካለ ጽሑፉ ደርሷል። «አላዳላም፤ እውነቱን እፈርዳለሁ» ካለ ግን አልደረሰም፤ ሰውየው የተጠየቀው ስለ ልቡ ንጽሕና መስሎታል፤ ደንቡ የሚናገረው ግን ስለ መቀመጫው ነው። ያን ጊዜ «ባያዳሉም እንኳ ይወጣሉ» የሚሉት ሦስት ቃላት «ከቤቱ ይወጣሉ» ከሚለው ቀጥለው ይገባሉ።