የምሳ ሒሳብ በቤትና በምግብ ቤት



ነገሩ የምሳ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኛ ናት። በ2017 ዓ.ም. ሁለታችንም በየሥራ ቦታችን አጠገብ ምሳ እንበላ ነበር። አንድ ሽሮ በእንጀራ 150 ብር ነበር፤ በሳምንት አምስት የሥራ ቀን ለሁለት ሰው ዐሥር ሰሐን፥ 1,500 ብር ይሆን ነበር። ወሩ ሳያልቅ ከሰፈራችን ሱቅ በዱቤ መውሰድ ልማድ ሆነብን፤ ዱቤውም 2,400 ብር ደረሰ። በዚህ ጊዜ ደብተር አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ።

ለአምስት ሰሐን የሚበቃ ሽሮ ስንሠራ የወጣው ይህ ነው። የሽሮ ዱቄት 300 ግራም፥ 60 ብር፤ ሽንኩርት 300 ግራም፥ 24 ብር፤ ዘይት አንድ ዴሲ ሊትር፥ 28 ብር፤ ነጭ ሽንኩርትና ጨው 8 ብር፤ ከሰል 20 ብር። ድምሩ 140 ብር ሆኖ ለአንዱ ሰሐን 28 ብር ይደርሳል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግተን «ከ150 ብር 28 ብር!» እያልን እንደሰታለን። ነገር ግን እንጀራው ተረስቷል። አንዱን በ28 ብር እንገዛ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ተኩል ሲበላ 42 ብር ነው። ስለዚህ የቤቱ ሰሐን እውነተኛ ዋጋ 70 ብር ሲሆን፥ ከወጡ ይልቅ እንጀራው ይበልጣል።

እንዲህም ሆኖ በሳምንት 800 ብር ይተርፈናል ብለን፥ እሑድ ማታ ዐሥሩንም ሰሐን በአንድ ጊዜ ሠራን፤ ዐሥራ አምስት እንጀራም ገዛን። ወጪው 700 ብር ነበር። ማቀዝቀዣ የለንምና ኋላ ድስቱን ስንከፍተው ሽሮው ላዩ አረፋ አውጥቶ፥ በማንኪያ ሲነሣም እየተለጠጠ መጥፎ ሽታ ሸተተን። እንዲህ የሆነውን ደግሞ ማፍላት አያድነውም፤ ሦስት ሰሐን የሚሆን ደፋን። እንጀራውንም ትኩስ እንዳለ ደራርበን ስለ ከደንነው ወበቁ ታምቆ አራቱ ሻገቱ። በዚያ ሳምንት ሦስት ሰሐን ከምግብ ቤት በላን፥ 450 ብር። ጠቅላላው 1,150 ብር ሆነ፤ ይተርፋል ካልነው 800 ብር የተረፈው 350 ብር ብቻ ነው። በቤት የተበሉት ሰባት ሰሐኖችም እያንዳንዳቸው 70 ሳይሆን 100 ብር ፈጁ።

ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ወጪው መካፈል ያለበት በተሠራው ሰሐን ሳይሆን በተበላው ሰሐን ነው። ያደግሁበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ዱቄት ከመስፈራቸው አስቀድሞ ማታ የሚገኘውን ተማሪ ይቈጥሩ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት አሁን ነው።

ከዚያ ወዲህ አስቤዛ ከመግዛታችን በፊት የሳምንቱን ሰሐን እንቈጥራለን። የሽሮ ዱቄት ይቀመጣል፤ የተሠራ ሽሮ ግን አይቀመጥም። ስለዚህ እሑድ ማታ ባለቤቴ ለሰኞና ለማክሰኞ አራት ሰሐን ትሠራለች፤ ማክሰኞ ማታ ደግሞ እኔ ለረቡዕና ለኀሙስ አራት ሰሐን እሠራለሁ። ከሰሉ ሁለት ጊዜ ስለሚነድና ድስቱ ስለሚያንስ የወጡ ዋጋ በሰሐን ወደ 29 ብር ከፍ ይላል፤ የሚደፋ ግን የለም። እንጀራውንም ስድስት ስድስት አድርገን ሁለት ጊዜ እንገዛለን፤ ሳይቀዘቅዝም አንከድነውም።

ዓርብ ግን ሁለታችንም ደክሞን እንደምንውል ከደብተሩ ስላየን፥ ምሳችንን ከምግብ ቤት እንድንበላ አስቀድመን 300 ብር እንመድባለን። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ወጥ 232፥ እንጀራ 336፥ የዓርብ ምሳ 300፥ ድምሩ 868 ብር። ከ1,500 ብር 632 ብር ተረፈ። ዐሥሩንም በቤት እንበላለን ብለን ከተነሣንበት ሳምንት ይልቅ፥ ሁለቱን ለምግብ ቤት የተውንበት ሳምንት ይበልጥ አተረፈን።

ለብቻው የሚኖር ሰው ይህን እንዳለ መውሰድ የለበትም። አንድ ሰሐን ብቻ ቢሠራ ከሰሉ ያው 20 ብር ስለሆነ ከነእንጀራው 86 ብር ይፈጅበታል። ቢያንስ የሁለት ቀኑን ባንድነት ቢሠራ፥ ወይም ከጎረቤት ባልደረባ ጋር ድስት ቢጋራ ይሻለዋል። የማብሰያውን ጊዜና ድካምም እኔ በብር አልተመንሁትም፤ በቤታችን ሁለት ሰዎች ስለምንካፈለው ግን ይቻላል።

የገበያ ዋጋ ይለዋወጣልና አንባቢ የራሱን ዋጋ በኔ ቁጥር ምትክ ያግባ። እኛ ግን በአራት ሳምንት ከምሳ የተረፈን 2,528 ብር ሆኖ የሱቁን ዱቤ ከፍለን፥ ባለሱቁ ስማችንን ከመዝገቡ ሰርዞታል።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ